«አደጋው በእጥፍ ጨመረ»፦ ስታትስቲክስን ለጆሮ ማዘጋጀት

በጥቅምት 1995 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ ለሐኪሞችና ለፋርማሲ ባለሙያዎች አስቸኳይ ማስጠንቀቂያ ላከ። «ሦስተኛ ትውልድ» የሚባሉት የወሊድ መከላከያ እንክብሎች፣ ከቀደሙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን በእጥፍ ያህል ይጨምራሉ የሚል ነበር። ወሬው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲዛመት ከሰው ጆሮ የቀረው «በእጥፍ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። ብዙ ሴቶች እንክብሉን አቋረጡ፤ ያልታቀደ እርግዝና በዛ፤ በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 13,000 የሚጠጋ ተጨማሪ ጽንስ ማቋረጥ እንደተፈጸመ ተገምቷል።

ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም። የቀድሞውን እንክብል ከሚወስዱ 7,000 ሴቶች በዓመት አንዷ ላይ ደም ይረጋ ነበር፤ አዲሱን ከሚወስዱት 7,000 ደግሞ ሁለቱ ላይ። ከአንድ ወደ ሁለት፣ በእርግጥም እጥፍ ነው። ለአድማጭ ያልደረሰው «ከስንት?» የሚለው ነው። ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ግራ ሲገባው ወደ ላይ ተመልሶ ሊያይ ይችላል። የሚያዳምጥ ሰው ግን ያመለጠውን ሲያሰላስል ቀጣዩም ያመልጠዋል።

ከዚህ በታች ይህንኑ ጉዳይ ይዘን ለሬዲዮ፣ ለፖድካስት ወይም ለቪዲዮ ትረካ የሚሆን አጭር ማብራሪያ እናዘጋጃለን።

1. መጀመሪያ ያለ ቁጥር ይጻፉት

አድማጩ ከሰማው በኋላ ቤት ላለ ሰው ምን ብሎ እንዲነግርለት ይፈልጋሉ? ያንን አንድም ቁጥር ሳያስገቡ በአንድ ወይም በሁለት ዐረፍተ ነገር ይጻፉት። ለእኛ ጉዳይ እንዲህ ይሆናል፦ «አዲሱ እንክብል ከቀድሞው ትንሽ የባሰ ነው፤ ቢሆንም ጉዳቱ የሚደርሰው በጣም ጥቂት ሴቶች ላይ ነው። ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጥ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው።»

ይህን ሲጽፉ የሚያስፈልጉት ቁጥሮች ራሳቸው ብቅ ይላሉ። «ትንሽ የባሰ» ለሚለው ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፤ የቀድሞውና የአዲሱ። «በጣም ጥቂት» ለሚለው የጠቅላላው ብዛት ያስፈልጋል። ሌላው ሁሉ፣ ማለትም ስንት ጥናት ተሠራ፣ ስንት ሰው ተሳተፈ፣ ደብዳቤው ለስንት ሐኪም ተላከ የሚለው፣ ለዚህ ዐረፍተ ነገር ምንም አይጨምርም። እውነት ስለሆነ ብቻ ቁጥር አይገባም። ዐረፍተ ነገሩን ያለ ቁጥር መጻፍ ካቃተዎት ጉዳዩ ገና ለራስዎም አልጠራም ማለት ነው፤ ወደ ምንጩ ይመለሱ።

2. ቁጥሩን አራት ነገር ይጠይቁት

ከስንት? ከእነማን? በምን ያህል ጊዜ ውስጥ? ከምን ጋር ሲነጻጸር? አራቱም መልስ ያላገኙለት ቁጥር አየር ላይ መውጣት የለበትም።

ብዙ ጊዜ የሚጠፋው የመጀመሪያው መልስ ነው። «አደጋው በእጥፍ ይጨምራል» የሚል መግለጫ ሲደርስዎ መነሻው የት አለ? ጥናቱ ሰዎችን ለተወሰነ ጊዜ የተከታተለ ከሆነ፣ መድኃኒቱን ያልወሰዱት ወይም የቀድሞውን የወሰዱት ሰዎች ውጤት ሰንጠረዡ ውስጥ ይገኛል፤ መነሻዎ እሱ ነው። የታመሙትንና ያልታመሙትን ሰብስቦ ወደ ኋላ ተመልሶ «ምን ትወስዱ ነበር?» ብሎ የጠየቀ ጥናት ከሆነ ግን መነሻውን እዚያ አይፈልጉት። በእንዲህ ዓይነት ጥናት ውስጥ ስንት ታማሚ እንደሚገባ የሚወስነው ተመራማሪው ራሱ ስለሆነ፣ በሽታው ከሕዝቡ ስንቱን እንደሚይዝ ሊነግረን አይችልም፤ የሚሰጠው ንጽጽር ብቻ ነው። መነሻውን ለተመሳሳይ ዕድሜና ጾታ ከተዘጋጀ የጤና መረጃ መፈለግ ያስፈልጋል። ከዚያም ካልተገኘ «በእጥፍ» የሚለውን መጠቀም ይተዉ፤ መነሻ የሌለው እጥፍ ማስፈራሪያ ከመሆን አያልፍም።

ጊዜውም በቀላሉ ይረሳል። ከሺህ ሰው በዓመት 1 የሆነና ከሺህ ሰው በዕድሜ ዘመን 1 የሆነ አደጋ በጣም የተራራቁ ናቸው። በእኛ ጉዳይ 7,000ው የአንድ ዓመት ነው፤ ስለዚህ «በዓመት» የሚለው ቃል ከቁጥሩ ጋር ተጣብቆ መሄድ አለበት።

3. መቶኛውን ወደ ሰው ይመልሱት

በእንክብሉ ጉዳይ የቀድሞው አደጋ በባለሙያ ቋንቋ «ከ100,000 ሴቶች 15 በዓመት» ተብሎ ይቀመጥ ነበር። 100,000ን ለ15 ስናካፍል 6,667 ይመጣል፤ ለጆሮ ሲዘጋጅ «ከሰባት ሺህ አንዷ» ይሆናል። አደጋው በእጥፍ ሲያድግ «ከሰባት ሺህ ሁለቱ» እንላለን።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በሒሳቡ «ከ7,000 ሁለት» እና «ከ3,500 አንድ» እኩል ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ አጠር ብሎ ስለሚታይ ያጓጓል። ነገር ግን የመጀመሪያውን ቁጥር «ከ7,000 አንድ» ብለው ሁለተኛውን «ከ3,500 አንድ» ካሉ፣ አድማጩ የሚሰማው ቁጥሩ ሲቀንስ ነው፤ አደጋው ግን ጨምሯል። ስለዚህ ጠቅላላው አይለዋወጥ፤ የሚለዋወጠው የተጎጂዎቹ ብዛት ብቻ ይሁን።

ጠቅላላውን ሲመርጡ ቢያንስ አንድ ሙሉ ተጎጂ የሚገኝበትን ትንሹን ይውሰዱ። መቶ የሚበቃ ከሆነ ሺህ አያስፈልግም። ለምሳሌ በ2015 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም፣ በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ መብላት የአንጀት ካንሰር አደጋን በ18 በመቶ እንደሚጨምር ሲገልጽ፣ «18» የሚለው ቁጥር ብቻውን ዓለምን ዞረ። ሒሳቡን ወደ ሰው እንመልሰው። በብሪታንያ ከ100 ሰው 6 ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው በዚህ በሽታ ይያዛሉ። የ6 አሥራ ስምንት በመቶ አንድ ገደማ ነው። ስለዚህ መቶ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ በየቀኑ ያንን ያህል ቢበሉ፣ 6 የነበሩት 7 ይሆናሉ። «በ18 በመቶ ጨመረ» ሲባል ግን ብዙ ሰው ከመቶ ሰው 18ቱ ይታመማሉ ብሎ ነው የሚሰማው።

4. አማርኛው ራሱ የሚያሳስትባቸው ቦታዎች

የቋንቋችን አደራደር በአንድ በኩል ይረዳናል። «ከሰባት ሺህ ሴቶች አንዷ» ስንል ጠቅላላው አስቀድሞ ይመጣል፤ አድማጩ መጀመሪያ ሕዝቡን ያያል፣ ከዚያ ከመካከላቸው አንዷን። ይህን አይገልብጡት።

በሌላ በኩል ግሡ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ችግር ይፈጥራል። ይህን ከፍ ባለ ድምፅ ያንብቡት፦ «ባለፈው ዓመት በጥናቱ ከተካተቱት 4,200 ሴቶች መካከል 37 በመቶ የሚሆኑት ከሐኪም ጋር ሳይመካከሩ እንክብሉን ማቋረጣቸውን ገልጸዋል።» (ቁጥሮቹ ለማሳያ የተፈጠሩ ናቸው።) አድማጩ ሁለት ቁጥሮች ተሸክሞ «ምን አደረጉ?» የሚለውን እስከ መጨረሻው ይጠብቃል። «ማቋረጣቸውን» ላይ ሲደርስ 37ቱ ከእጁ ወድቋል። መፍትሔው ድርጊቱን አስቀድሞ ቁጥሩን ለብቻው ማስከተል ነው፦ «ሐኪም ሳያማክሩ እንክብሉን ያቋረጡ አሉ። ስንት ናቸው? ከአሥር ሴቶች አራት ያህል።» ከአንድ ዐረፍተ ነገር ሦስት ተሠራ፤ ለሚናገረው ትንፋሽ፣ ለሚሰማው ፋታ ይሆናል። ጥያቄውንም ሆን ብለን ነው ያስገባነው፤ ቁጥሩ ከመምጣቱ በፊት ምን እንደሚቆጠር ጆሮ እንዲያውቅ ያደርጋል። በየዐረፍተ ነገሩ ከተደጋገመ ግን የክፍል ፈተና ይመስላል።

ከዚያ «እጥፍ» አለ። «በእጥፍ ጨመረ» ሲባል አንዱ ሁለት ሆነ ማለት እንደሆነ ሁሉም ይስማማል። «በሦስት እጥፍ ጨመረ» ሲባልስ? ግማሹ ሰው አንዱ ሦስት ሆነ ይላል፤ ግማሹ ደግሞ በአንዱ ላይ ሦስት ተጨምሮ አራት ሆነ ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩበት ምክንያት አላቸው፤ ስለዚህ ቃሉን ትተው «አንድ የነበረው ሦስት ሆነ» ይበሉ። «በሦስት እጥፍ ቀነሰ» የሚለው ደግሞ ጨርሶ ትርጉም የለውም። አንድ ነገር ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ የቀነሰው ራሱን ያህል ነው። «ሲሶው ብቻ ቀረ» ማለት ይቻላል፤ ሲሶ የማይለመድበት አድማጭ ከሆነ «ከሦስት እጅ አንዱ ቀረ» ይባላል።

ሦስተኛው «በመቶ» ነው። ከ4 በመቶ ወደ 6 በመቶ የሄደ ነገር «በ2 በመቶ ጨመረ» ቢባል ስሕተት ነው፤ የጨመረው በ50 በመቶ ነው። ባለሙያዎች «2 የመቶኛ ነጥብ» ይሉታል፤ ሰምቶ የሚረዳው ግን ጥቂት ነው። ሁለቱንም ትተን «ከመቶ ሰው አራት ነበሩ፤ አሁን ስድስት ናቸው» ብንል የሚከራከር አይኖርም።

ሚሊዮንና ቢሊዮን በጆሮ ወንድማማች ይመስላሉ። አንድ ሚሊዮን ሰከንድ 11 ቀን ተኩል ገደማ፣ አንድ ቢሊዮን ሰከንድ ግን 31 ዓመት ተኩል ገደማ ነው። ሁለቱ በአንድ ማብራሪያ ውስጥ መገናኘት ካለባቸው ለየብቻቸው በሰው ልክ ይከፋፈሉ፤ «ለእያንዳንዱ ሰው ይህን ያህል» ሲባል ልዩነቱ ይሰማል።

5. አሁን ጽሑፉ

በተለምዶ የሚጻፈው ይህን ይመስላል፦

«አዲስ በወጣ ጥናት መሠረት ሦስተኛ ትውልድ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች የደም መርጋት አደጋን በ100 በመቶ የሚጨምሩ ሲሆን፣ ይህም ከ100,000 ሴቶች በዓመት ከ15 ወደ 30 ከፍ ማለቱን ያሳያል።»

ስሕተት የለበትም፤ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አራት ቁጥሮች አሉ። መጀመሪያ የመጣው፣ ስለዚህም የሚታወሰው፣ 100 በመቶ ነው። «መቶ በመቶ» ደግሞ በዕለታዊ ንግግራችን «በእርግጠኝነት» ማለት ስለሆነ ነገሩን ያባብሰዋል።

ለጆሮ ሲዘጋጅ፦

«ሁለት ትልልቅ አዳራሾች አስቡ። በእያንዳንዳቸው ሰባት ሺህ ሴቶች አሉ። በመጀመሪያው ያሉት የቀድሞውን እንክብል ይወስዳሉ። ዓመት አለፈ። ደም የረጋባቸው ስንት ናቸው? አንዲት ሴት። (ፋታ)

በሁለተኛው አዳራሽ ያሉት አዲሱን ይወስዳሉ። ዓመት አለፈ። እዚያስ? ሁለት ሴቶች። (ፋታ)

ሰሞኑን ‹በእጥፍ ጨመረ› ሲባል የሰማችሁት ይሄንን ነው። አንድ የነበረው ሁለት ሆነ፤ ከሰባት ሺህ። በሁለቱም አዳራሾች የቀሩት ሴቶች ደማቸው አልረጋም።

ታዲያ እንክብሉን ዛሬውኑ ልጣለው? ቆይ። እርግዝና ራሱ ደም የማርጋት አደጋ አለው፤ ያውም ከሁለቱም እንክብሎች የበለጠ። ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አታቋርጡ።»

እዚህ ውስጥ ያሉት ሰባት ሺህ፣ አንድ እና ሁለት ብቻ ናቸው። የእርግዝናው አደጋ ሆን ተብሎ ያለ ቁጥር ተቀምጧል፤ አድማጩ የሚያስፈልገው «ከሁለቱም ይበልጣል» የሚለው ነው፤ አራተኛ ቁጥር ቢጨመር ሦስቱን ያስረሳል። «በእጥፍ» የሚለው ቃልም አልተደበቀም። ሰው ቀድሞ ስለሰማው፣ ዝም ካልነው የሸሸግን ይመስላል። ሥዕሉ ከገባው በኋላ ቃሉን እናነሣለን እንጂ በቃሉ አንጀምርም።

በድምፅ ሲቀረጽ ቁጥሮቹ በወረቀቱ ላይ በፊደል ይጻፉ፤ 7,000 ሳይሆን «ሰባት ሺህ»። አሐዝ ላይ የተራኪው ዓይን ይደናቀፋል፤ «ሰባ ሺህ» ብሎ ያነበበ ሰው ራሱን ሳያርም ሊያልፍ ይችላል። ፋታው ከቁጥሩ በኋላ እንጂ በፊት አይሁን። ከፊቱ ቆም ካሉ ቁጥሩ አስፈሪ ይሆናል።

6. የጠፋውን ግማሽ ይመልሱ

ይህ አቀራረብ በሌላ በኩል ያሳስታል። «ከሰባት ሺህ አንዷ ብቻ» የሚለው ለአንዲት ሴት ውሳኔ ትክክለኛ ሥዕል ነው፤ ለጤና ባለሥልጣን ግን አይደለም። አዲሱን እንክብል አንድ ሚሊዮን ሴቶች ቢወስዱ፣ ተጨማሪው አደጋ በዓመት 140 ያህል ሴቶችን ያገኛል። ኮሚቴው ማስጠንቀቁ ከንቱ አልነበረም። ማብራሪያው የተዘጋጀው «እኔ ምን ላድርግ?» ለሚል አድማጭ ከሆነ ሰባት ሺሁን ይጠቀሙ፤ «መንግሥት ለምን ጣልቃ ገባ?» ለሚል ከሆነ ሚሊዮኑን። ሁለቱን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ማጨቅ አይሠራም። «ብቻ» የሚለውን ቃል ደግሞ ከጽሑፉ ያውጡት። ትንሽ መሆኑን አድማጩ ራሱ ያያል፤ እኛ ስንጨምርለት ፍርድ እየሰጠንለት ነው።

ቁጥሩ እርግጠኛ ካልሆነም በአጭሩ ይነገር። በዘፈቀደ ከተመረጡ 1,000 ሰዎች የተሰበሰበ አስተያየት ወደ ላይም ወደ ታችም 3 ያህል የመቶኛ ነጥብ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ 49 ለ47 የወጣ ውጤት «እየመራ ነው» አይባልም፤ «መሳ ለመሳ ናቸው» ይባላል። ስለ ስሕተት ወሰን ማስተማር አያስፈልግም፤ ቃሉን መምረጥ በቂ ነው።

7. አንድ ሰው ላይ ይሞክሩት

ጉዳዩን የማያውቅ ሰው ይፈልጉና አንድ ጊዜ ብቻ ያንብቡለት፤ ወረቀቱን አያሳዩት። አሥር ደቂቃ ያህል ሌላ ነገር ያውሩ። ከዚያ «ያ ነገር ምን ነበር?» ብለው ይጠይቁት፤ «ገባህ?» አይበሉት፤ ሰው በይሉኝታ ገባኝ ይላል።

«አደጋው እጥፍ ሆኗል አሉ» ካለ፣ መነሻው አልተያዘለትም፤ አዳራሹ ላይ በቂ ጊዜ አልሰጡም ወይም «በእጥፍ» የሚለው ቀድሞ መጥቷል። «ሰባት ሺህ ሴቶች ታመሙ» ካለ ጠቅላላውና ተጎጂው ተቀላቅለውበታል፤ ይህ የሚሆነው ሁለቱ ቁጥሮች ሳይተነፈስ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲነበቡ ነው፣ ነጣጥለው ይጻፏቸው። ቁጥሮቹን በትክክል ደግሞ «እና ምን ይሁን?» ካለ፣ በመጀመሪያው እርምጃ የጻፉት ዐረፍተ ነገር ከጽሑፉ ወድቋል፤ መልሰው ያስገቡት። «ሁለቱም አደጋቸው ትንሽ ነው፣ አዲሱ ትንሽ ይብሳል፣ ግን ሐኪም ሳይጠይቁ ማቆም ጥሩ አይደለም» ካለ፣ ሰባት ሺሁን ባያስታውሰውም ጽሑፉ ለቀረጻ ደርሷል።